ማኑዋል ሲተረጎም የደረጃዎቹ ተራ ለምን ይምታታል? እንዴትስ ይጠበቃል?

አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከካርቶኑ ሲወጣ ጀርባው ላይ ትልልቅ ብሎኖች ታስረውበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይ አራት ናቸው። ሥራቸው ማሽኑ መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ ውስጡ ያለው ድራም ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ መያዝ ነው፣ ቤት ከደረሰ በኋላ ግን መውጣት አለባቸው። ሳይወጡ ማሽኑ ከተነሳ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፣ ልብስ መጭመቅ ሲጀምር ግን ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ከቆመበት ቦታ ሸርተት ሸርተት ይላል፣ ውስጡም ሊበላሽ ይችላል። ማኑዋሉ ላይ ይሄ ጉዳይ ሁለት ሦስት መስመር ናት። ተርጓሚው እነዚያን መስመሮች እያንዳንዱን ቃል በትክክል ተርጉሞ ግን የድርጊቱን ተራ ገልብጦት ሊያልፍ ይችላል፣ ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ምሳሌዬም እስከመጨረሻው ይሄው ማሽን ነው።

መጀመሪያ ቃላቶቹን እንስማማባቸው። «ደረጃ» ስል በቁጥር የተቀመጠውን መመሪያ ነው፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄደውን። «ሥዕል» ስል ከደረጃው አጠገብ ያለውን ስዕላዊ ማሳያ ነው። «የዕቃ ቁጥር» ስል ደግሞ ሥዕሉ ላይ ከአንድ ብሎን ወይም ክዳን በቀጭን መስመር ተስቦ ዳር ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ነው።

ተራው ቁጥሩ ላይ አይደለም እንዴ ያለው?

ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ቁጥሮቹን ካልነካሁ ተራው አይበላሽም ብሎ። ግን አንድ ደረጃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ድርጊት አለ። ደረጃ 2 ብቻውን ፍታ፣ አውጣ፣ ድፈን ሊል ይችላል፣ ስለዚህ በደረጃዎቹ መሀል ያለውን ተራ ቁጥሩ ይጠብቀዋል፣ በደረጃው ውስጥ ያለውን ተራ ግን የሚጠብቀው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ሦስተኛው ሥዕሉ ነው፣ እሱም በቀስትና በራሱ ቁጥሮች የራሱን ተራ ይናገራል። ሦስቱ አንድ ነገር ካላሉ አንባቢው የፈለገውን ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያምነው ሥዕሉን ነው፣ ምክንያቱም አንድ እጁ መፍቻ ይዟል፣ ወረቀቱ መሬት ላይ ነው፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብበት ሁኔታ ላይ አይደለም።

ተርጓሚ በእጁ ያለው በዋናነት ዓረፍተ ነገሩ ነው። አማርኛ ላይ ደግሞ ብልሽቱ የሚጀምረው እዛው ነው።

«በፊት» ምን አደረገ?

እንግሊዝኛ ዋናውን ግስ ቀድሞ ይናገርና «ከዚህ በፊት» የሚለውን ኋላ ያመጣዋል። በእሱ አደራደር ብናስቀምጠው «ብሎኖቹን ያውጡ፣ ሶኬቱን ከመሰካትዎ በፊት» እንደማለት ነው። የተጻፈበት ተራና የሚሠራበት ተራ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ማውጣት ከዛ መሰካት። አማርኛ ግን ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ትክክለኛው ትርጉም «ሶኬቱን ከመሰካትዎ በፊት ብሎኖቹን ያውጡ» ይሆናል። ሰዋስው ላይ ምንም ስህተት የለውም፣ ግን አንባቢው ጆሮ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ድርጊት መሰካት ነው።

መኪና እየነዳህ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው «ወደ ቀኝ ከመታጠፍህ በፊት ማደያው ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ትይዛለህ» ቢልህ አስበው፣ «ግራ» እስኪል ድረስ መሪው ወደ ቀኝ ሄዷል።

እውነቱን ለመናገር አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ይሄ ማንንም አያሳስትም፣ ሰው እስከመጨረሻው አንብቦ ነው የሚሠራው። ችግር የሚሆነው ከ«በፊት» በኋላ ሁለት ሦስት ድርጊት ሲከተል ነው፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ግስ ላይ ሲደረስ መጀመሪያ ላይ የተባለውን ነገር የትኛው እንደሚቀድመው ይጠፋል። ከተከታዮቹ ድርጊቶች የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚቀድመው ወይስ ሁሉም? እዚህ ጋ ነው አንባቢው ተመልሶ ከላይ ማንበብ የሚጀምረው፣ ካልተመለሰ ደግሞ በግምት ይሠራል።

«በኋላ» ግን ለእኛ የተመቸ ነው። እንግሊዝኛው «ቀዳዳዎቹን ይድፈኑ፣ ብሎኖቹን ካወጡ በኋላ» ብሎ ገልብጦ ቢጽፈውም አማርኛ በራሱ ጊዜ ያስተካክለዋል፦ «ብሎኖቹን ካወጡ በኋላ ቀዳዳዎቹን ይድፈኑ»። «ከሆነ» የሚለውም እንደዛው ነው፣ ሁኔታው ቀድሞ ድርጊቱ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር መፍራት አያስፈልግም፣ ዓይናችን ማረፍ ያለበት «በፊት» እና «እስክ» ያሉባቸው ደረጃዎች ላይ ነው።

አንድ ሌላ አማርኛ የሚወደው መንገድ አለ፣ «ብሎኖቹን ሳያወጡ ማሽኑን አያስነሱ» ማለት። በጣም የሚያምር አማርኛ ነው፣ እንደ ማስጠንቀቂያም ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ደረጃ አይሆንም። ሁለቱም ግስ አሉታ ነው፣ አሁን ምን ልሥራ ለሚለው ሰው የሰጠው ሥራ የለም። ማስጠንቀቂያው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፣ ደረጃው ላይ ግን «ብሎኖቹን ያውጡ» በሉ።

ታዲያ «ፈትተው፣ አውጥተው፣ ደፍነው» እያልን ብንሄድስ?

ይሄ የአማርኛ ትልቁ ጸጋ ነው ኮ፣ ድርጊቶችን በተራ በተራ ያስኬዳል፦ «ብሎኑን ፈትተው ያውጡ»። መጀመሪያ መፍታት፣ ከዛ ማውጣት፣ ማንም አይሳሳትም። ለሁለት ድርጊት ከ«በፊት» በጣም ይሻላል። ሦስት አራት ሲሆን ግን ሰውዬው የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ትቶ ብሎኑን ፈትቶ ሲመለስ ዓይኑ የሚያርፍበት ነጥብ የለም፣ ሁሉም አንድ ረጅም መስመር ነው። ለአውሮፕላን ጥገና ማኑዋሎች ተብሎ የወጣው ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሕግ እንኳን የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል እንዳይበልጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም አንድ ትእዛዝ ብቻ እንዲይዝ ይላል፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ መሠራት ካለበት በስተቀር። አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ስለሚያጭቅ ለእኛ 20 ራሱ ይበዛል።

የባሰው ግን አሉታ ሲጨመርበት ነው። የማሽኑ እግሮች ላይ ከፍታውን ቆልፎ የሚይዝ ዳዶ አለ። ማኑዋሉ ዳዶውን ላላ አድርግ ግን አታውጣው ይላል፣ ምክንያቱም እግሩ ከፍና ዝቅ የሚለው ዳዶው ሲላላ ነው፣ ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ዳዶው ተመልሶ ይጠብቃል። አሁን ይሄንን «ዳዶውን ላላ አድርገው አያውጡት» ብለን ብንጽፈው ምን ማለት ነው? ያላሉት ግን አያውጡት ነው? ወይስ አላልቶ ማውጣት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አትሞክሩ ነው? በሁለቱም ይነበባል። ሁለተኛው የገባው ሰው ዳዶውን ሳይነካ እግሩን በመፍቻ ሊያዞር ይታገላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አራት ነጥብ። «ዳዶውን ላላ ያድርጉ። አያውጡት።» አሉታ ያለበትን ግስ ከሌላ ግስ ጋር በሰንሰለት አታስሩት፣ ብቻውን ይቁም።

ዓረፍተ ነገሩን ከከፈልኩ አዲስ ቁጥር ልስጠው?

አይ፣ በፍጹም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው በቅን ልቦና ያበላሻል። ደረጃ 2 ውስጥ አራት ድርጊት ስላለ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ይከፍለዋል፣ ለአንባቢው የተሻለ ይመስላል፣ ራሱን ደረጃውን ብቻ ካያችሁት የተሻለም ነው። ግን አምስት ገጽ ወረድ ብሎ «ደረጃ 3 እና 4ን ይድገሙ» የሚል አለ፣ መጨረሻ ላይ ያለው የብልሽት ሠንጠረዥ «ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ደረጃ 2ን ይመልከቱ» ይላል፣ የሥዕሎቹም ቁጥር ብዙ ጊዜ ከደረጃዎቹ ጋር ነው የሚሄደው። አንዱን ቁጥር ስትከፍል እነዚህ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር እንደፈለጋችሁ ክፈሉ፣ ግን በዛው ቁጥር ስር።

በአንድ ደረጃ እንየው። የኦሪጅናሉ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት አራቱ የማጓጓዣ ብሎኖች ከነፕላስቲኮቻቸው በመፍቻ ይውጡ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹ በክዳን ይደፈኑ፣ ሥዕል 2 ላይ እንዳለው። መፍቻው ዕቃ 1፣ ብሎኖቹ ዕቃ 2፣ ፕላስቲኮቹ ዕቃ 3፣ ክዳኖቹ ዕቃ 4 ናቸው። ሰዋስው ያልበደለ ግን የማይሠራ ትርጉም ይሄን ይመስላል፦

«2. በሥዕል 2 ላይ እንደሚታየው ማሽኑን ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት 4ቱን የማጓጓዣ ብሎኖች 2 ከፕላስቲኮቹ 3 ጋር በመፍቻ 1 አውጥተው በክዳኖቹ 4 ቀዳዳዎቹን ይድፈኑ።»

እስቲ ይሄን እየሠራችሁ አንብቡት። «ብሎኖች 2 ከፕላስቲኮቹ 3» የሚለው ጋ ስትደርሱ ሁለት ብሎን ነው ሦስት ፕላስቲክ? መፍቻው የመጣው ብሎኑ ከተጠራ በኋላ፣ ማውጣቱ የመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አሁን ያንኑ ደረጃ፣ ቁጥሩን ሳንነካ፦

«2. ሥዕል 2ን ይመልከቱ። ማሽኑን ገና ሶኬት ላይ አይሰኩ። አራቱን የማጓጓዣ ብሎኖች (2) በመፍቻው (1) ያላሉ። እያንዳንዱን ብሎን ከነፕላስቲኩ (3) ስበው ያውጡ። ቀዳዳዎቹን በክዳኖቹ (4) ይድፈኑ።»

ያደረግነው ብዙ አይደለም። «በፊት» ጠፍታ «ገና አይሰኩ» ሆነች፣ ምክንያቱም መሰካቱ ራሱ የዚህ ደረጃ ሥራ አይደለም፣ በኋላ የራሱ ቁጥር አለው። ሥዕሉን ተመልከት የሚለው ፊት መጣ፣ ሰው ሥዕሉን አይቶ ነው እጁን የሚሰነዝረው። ማላላትና ማውጣት ተለያዩ፣ ኦሪጅናሉ አንድ ቃል ቢጠቀምም ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚታዩ ነው፣ ሥዕሉ ባያሳይ ኖሮ አልጨምርም ነበር። ብዙ ማኑዋሎች ብሎኖቹን አስቀምጧቸው፣ ማሽኑ ሌላ ጊዜ ሲጓጓዝ ያስፈልጋሉ ይላሉ፣ እዚህኛው ላይ ግን ስለሌለ እኔም አልጨመርኩትም።

4 ሲባል የቱ 4?

አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ቁጠሯቸው፣ የደረጃ፣ የሥዕል፣ የዕቃ፣ የብዛት፣ አንዳንዴ ሥዕሉ ውስጥ ያሉ የቀስቶች ቁጥርም አለ። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ በቦታና በቅንፍ ይለያቸዋል፣ ትርጉሙ ላይ ግን «ብሎን 4»፣ «4 ብሎን» እና «4ኛው ብሎን» ጎን ለጎን ይመጣሉ፣ ሦስቱም ለየቅል ናቸው። እኔ የምመክረው ብዛትን በፊደል መጻፍ ነው፦ አራት ብሎኖች፣ ሁለት ክዳኖች። አሃዝ ለደረጃ፣ ለሥዕልና ለዕቃ ብቻ ይቅር፣ የዕቃው ሁሌም በቅንፍ ይሁን። ልኬት ግን (ሚሊሜትር፣ ሊትር ምናምን) በአሃዝ ይሁን፣ መለኪያው አጠገቡ ስላለ አይምታታም።

ስማቸውም አንድ ይሁን። አንድ ቦታ «ደረጃ»፣ ሌላ ቦታ «እርምጃ»፣ ሌላ ቦታ «ተራ ቁጥር» ከተባለ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። «ክፍል» የምትለዋን ቃል ለዕቃ ባትጠቀሙ ጥሩ ነው፣ «ክፍል 4ን ይመልከቱ» ሲባል ሰው የማኑዋሉን ምዕራፍ ሊፈልግ ይሄዳል።

ሥዕሉ ላይ የላቲን ፊደሎች ካሉ ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ መቀየር ያምረናል፣ ግን ሀ እና ሐ ሲነበቡ አንድ ድምፅ ናቸው፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ሲገጣጥም «ሀን አምጣ» ሲባል የትኛውን ያምጣ? ከተቻለ ሥዕሉ ላይ ያለውን እንዳለ ተዉት፣ የግድ ከተቀየረ ወደ አሃዝ ይቀየር። የግዕዝ አሃዝም እንደዛው፣ ሥዕሉ ላይ 3 ተብሎ ጽሑፉ ላይ ፫ ከተባለ አንባቢው ማዛመድ የሚባል ተጨማሪ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው።

ሥዕሉ ውስጥ ያለው ቀስትስ?

ሥዕል 2 ውስጥ ሁለት ቀስት አለ እንበል፣ አንዱ መዞርን ያሳያል ሌላው መሳብን፣ አጠገባቸው 1 እና 2 ተጽፏል። ይሄ የዕቃ ቁጥር አይደለም፣ የደረጃም አይደለም፣ ደረጃው ውስጥ ያለው ትንሹ ተራ ነው። ትርጉሙ ላይ ከጠቀሳችሁት «ቀስት 1» በሉት። ከዚያ ዋናው ነገር፣ የዓረፍተ ነገሮቻችሁ ተራ ከቀስቶቹ ተራ ጋር መግጠሙን ማየት ነው። ከላይ «ያላሉ» ቀድሞ «ስበው ያውጡ» የተከተለው ከቀስቶቹ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው።

የሥዕሎቹ አሰላለፍ ላይ ብዙ ጭንቀት የለም፣ አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ሥዕል 1 ግራ፣ ሥዕል 2 ቀኝ ሆነው ይቀጥላሉ። የተሰጣችሁ ፋይል ከዓረብኛው ቅጂ የተወሰደ ከሆነ ግን ልብ በሉ፣ እዛ ሥዕሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ተደርድረው ሊሆን ይችላል።

የትርጉም ሶፍትዌሩ ላይ ምን ይበላሻል?

የትርጉም ሶፍትዌር ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር ቆራርጦ በሳጥን በሳጥን ነው የሚያሳየው። የደረጃው ቁጥር ብዙ ጊዜ በራሱ የሚመጣ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ አይታይም፣ ስለዚህ ደረጃ 5 ላይ ሁኑ 6 ላይ አታውቁም፣ በእጅ ቁጥር ከጨመራችሁ ደግሞ ሲታተም «2. 2.» ሆኖ ይወጣል። ኦሪጅናሉን ፒዲኤፍ ሁሌ ጎን ለጎን ክፈቱት።

ሌላው ተንኮል ተደጋጋሚ ዓረፍተ ነገር ነው። «በሌላኛውም ይድገሙት» የሚል አንዴ ተርጉማችሁ ሶፍትዌሩ በሁሉም ቦታ ይሞላዋል። እንግሊዝኛው «ሌላኛው ጎን» ሲል ደረጃ 3 ላይ የማሽኑን ግራ ጎን ይሆናል፣ ደረጃ 7 ላይ የውሃውን ጎማ ሌላኛውን ጫፍ። አማርኛ ላይ ጎንና ጫፍ አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ በራሱ የተሞላውን ሁሉ ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት። የሚደገመው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነም ግልጽ ይሁን፣ «ከ3 እስከ 5» ሲባል 5 አለበት ወይ የሚል ሰው ስለማይጠፋ «ደረጃ 3፣ 4 እና 5ን ይድገሙ» ማለት ይሻላል።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሲቀመጥ የእኛ ፊደል ከፍታው ከላቲን ስለሚበልጥ መስመሩ ይለጠጥና የደረጃው ጽሑፍ ወደሚቀጥለው ገጽ ይንሸራተታል፣ ሥዕሉ እዛው ይቀራል። ማስጠንቀቂያውም ከደረጃው በፊት የነበረው ከደረጃው በኋላ ሊያርፍ ይችላል፣ ከተሠራ በኋላ የሚነበብ ማስጠንቀቂያ ምንም አያደርግም። የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ሳታዩ አታስረክቡ።

ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?

እኔ በጣም የምወደው ፈተና ግሶቹን ብቻ መልቀም ነው። ከትርጉማችሁ ላይ ግሶቹን በተጻፉበት ተራ በአንድ ዓምድ ጻፏቸው፦ ይመልከቱ፣ አይሰኩ፣ ያላሉ፣ ስበው ያውጡ፣ ይድፈኑ። አጠገቡ ሥራው በእውን የሚሠራበትን ተራ ከኦሪጅናሉና ከሥዕሉ አውጥታችሁ ጻፉ። ሁለቱ ዓምዶች ከተለያዩ የተለያዩበት መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ያንን መጥፎ ትርጉም በዚህ ብትፈትኑት የመጀመሪያው ግስ «መሰካት» ሆኖ ይመጣል፣ ወዲያው ይያዛል።

ሁለተኛው ማሽኑን የማያውቅ ሰው ማግኘት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታነቡለታላችሁ፣ ምን እንደሚያደርግ ሥዕሉ ላይ በጣቱ ያሳያችኋል፣ ከዛ ቀጣዩን። «ቆይ እስቲ ድገመው» ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ማስረዳት ግን የለም፣ ያስረዳችሁት ነገር ማኑዋሉ ላይ የለምና።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሥዕሉ ሦስት ብሎን አሳይቶ ጽሑፉ አራት ሊል ይችላል። ያ የትርጉም ስህተት ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ማኑዋል ለሁለት ሞዴል ስለሚያገለግል ነው። በራሳችሁ ወደ ሦስት አታስተካክሉት፣ ባለ አራት ብሎኑን ሞዴል የገዛው ሰው አንዱን ሳያወጣ ይቀራል። የገጹን፣ የደረጃውንና የሥዕሉን ቁጥር ጽፋችሁ ለላኪው ጠይቁ፣ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ኦሪጅናሉ ያለውን እንዳለ አስቀምጡ።